ሊኑክስን በኪስ ይዞ መዞር፦ ላይቭ ፍላሽ ወይስ ሙሉ ኢንስቶል?

(ለኮምፒውተር ተማሪዎችና ጥገና ለሚሠሩ ልጆች በቃል ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ።

አብዛኞቻችሁ እዚህ ያመጣችሁ ችግር ተመሳሳይ ይመስለኛል። ቢሮ ያለው ኮምፒውተር የእናንተ አይደለም። ቤት ያለው ላይ ደግሞ ታናሽ ወንድም ጌም ሲጫወት ይውላል። ላፕቶፕ ለጊዜው አይታሰብም፤ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሊኑክሳችሁን ከነፋይሉ፣ ከነብሮውዘሩ፣ ከነፕሮግራሞቹ ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ፣ ያገኛችሁት ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ መሥራት ትፈልጋላችሁ።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፐርሲስተንት ላይቭ ፍላሽ ነው። ሊኑክስን ለመሞከር ወይም ለመጫን የምናዘጋጀው ያው ፍላሽ ነው፤ የሠራችሁትን የሚያስቀምጥበት ቦታ ግን ተጨምሮለታል። ሁለተኛው ደግሞ ኤክስተርናል ዲስክን እንደ ኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ ቆጥሮ ሊኑክስን እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ ኢንስቶል ማድረግ ነው።

ላይ ላዩን ሲታዩ አንድ ናቸው። ትሰካላችሁ፣ ታስነሳላችሁ፣ ዴስክቶፑ ይመጣል፣ የትናንቱ ፋይል አለ። ልዩነቱ የሚወጣው አፕዴት ስታደርጉ ነው። ዛሬ ብዙውን ሰዓት የምቆየውም እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ የምወስደው ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው። በፈረንጆቹ 2024 የወጣ፣ በኡቡንቱ 24.04 ላይ የተሠራ ነው። ለሁለቱም መንገድ ስለሚሆን ማነጻጸሩ ይቀለናል።

ሚንት የጫናችሁበትን ፍላሽ ክፈቱና `casper` የሚለው ፎልደር ውስጥ ግቡ። `filesystem.squashfs` የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ታገኛላችሁ። ሙሉ ሲስተሙ እዚያ ውስጥ ተጨምቆ ተቀምጧል። ይህ ፋይል ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ፍላሹን እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም ስታዘጋጁ የፐርሲስተንት ቦታ ከመረጣችሁ፣ ከጎኑ `casper-rw` ወይም `writable` የሚል ስም ያለው ፓርቲሽን ይፈጠራል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁለቱን ያነባብራቸዋል። የታተመ ገጽ ላይ ላስቲክ ዘርግቶ በላስቲኩ ላይ እንደመጻፍ ነው። እናንተ የምታዩት ገጹንና ጽሑፋችሁን በአንድ ላይ ነው፤ ገጹ ግን እንዳለ ነው።

ከዚህ የሚመጣውን ነገር ልብ በሉት። ከሥር ያለ ፋይል ላይ አንዲት ፊደል ብትቀይሩ እንኳ ፋይሉ ሙሉውን ወደ ላይ ይገለበጣል። ከሥር ያለ ፋይል ብታጠፉ ደግሞ ፋይሉ አይጠፋም። ከላይ "ይህን አታሳይ" የሚል ምልክት ይቀመጥበታል፣ በቃ።

አንድ ሰው 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሚንትን ጭኖ 8 ጊጋ ለፐርሲስተንት ሰጠ እንበል። ተርሚናል ከፍቶ እንዲህ ይላል፦

```
df -h /
```

መልሱ ላይ እንደ `/dev/sdb3` ያለ የዲስክ ስም አይመጣም። `/cow` ነው የሚለው። ያ ቃል የተነባበረው ንብርብር ላይ እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ቁጥሩም የሚያሳየው የላይኛውን ክፍል ብቻ ነው።

ወር ሁለት ወር ሠራበት። ቦታ ጠበበው። መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የማይጠቀምበትን ፕሮግራም ማጥፋት ነው። ሊብሬኦፊስን ያጠፋል። `apt` ራሱ "ይህን ያህል መቶ ሜጋ ነፃ ይወጣል" ብሎ ይነግረዋል። እሺ ይላል። ከዚያ `df -h /` ብሎ ሲያይ ምንም የተለቀቀ ቦታ የለም። እንዲያውም በትንሹ ቀንሶ ሊያገኘው ይችላል፤ የማጥፊያ ምልክቶቹና የ`apt` መዝገብም ላይኛው ክፍል ላይ ነውና የሚጻፉት። `apt` አልዋሸም። ከሥር የተጨመቀ ፋይል እንዳለ አያውቅም።

አፕዴትም እንደዚሁ ነው። አዲስ ፋየርፎክስ ሲወርድ አሮጌው ከሥር እንዳለ ይቀመጣል፤ አዲሱ ከላይ ይጨመራል። ሲስተሙን ሙሉ አፕዴት ባደረጋችሁ ቁጥር ከሥር ካለው እየተሸፈነ የሚሄደው ይበዛል። ሁለት ሲስተም ተሸክማችሁ የምትጠቀሙት አንዱን ነው። 8 ጊጋው እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ በእናንተ ፋይል አይደለም።

ሲያልቅ ደግሞ በጨዋነት አይደለም። አፕዴቱ መሀል ላይ `No space left on device` ይልና ግማሽ የተጫነ ፕሮግራም ትቶ ይቆማል። በሚቀጥለው ጊዜ ስታስነሱት ዴስክቶፑ እምቢ ሊል ይችላል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው "ፍላሹ ተበላሸ" ብሎ ፎርማት ያደርጋል። አትቸኩሉ። የማስነሻው ሜኑ ሲመጣ `e` ተጫኑ፣ በ`linux` የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ፣ `persistent` የሚለውን ቃል አጥፉና `F10` ተጫኑ። ላስቲኩ የሌለበት ንጹህ ሚንት ይነሳል። ከዚያ ያንን ፓርቲሽን እንደ ማንኛውም ዲስክ ክፈቱት። `upper` የሚል ፎልደር አለ። ፋይሎቻችሁ `upper/home/mint` ውስጥ ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱን ሌላ ቦታ ገልብጡ። `upper/var/cache/apt/archives` ውስጥ ያሉትን የ`.deb` ፋይሎች ብታጠፉ ደግሞ የተወሰነ ትንፋሽ ታገኛላችሁ።

እስካሁን ያልኩት የቦታ ነገር ነው። ለቦታ ትልቅ ፍላሽ መግዛት ይቻላል። የሚቀጥለው ግን በገንዘብ አይፈታም።

ኬርነሉ የሲስተሙ ልብ ነው፤ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝበት በአፕዴት ይደፈናል። ላይቭ ፍላሽ ሲነሳ ግን ኬርነሉን የሚያነበው ከላይኛው ክፍል አይደለም። ንብርብሩ ገና ሳይፈጠር፣ `casper` ፎልደር ውስጥ ያለውን `vmlinuz` የሚባል ፋይል ያነሳል። እናንተ አዲስ ኬርነል አወረዳችሁ፣ ተጫነ፣ ቦታ ያዘ። በሚቀጥለው ቀን የሚነሳው ያው ፍላሹ የተሠራ ቀን የነበረው ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦

```
uname -r
dpkg -l 'linux-image-*' | grep ^ii
```

የመጀመሪያው አሁን የሚሠራውን ኬርነል ይነግራችኋል። ሁለተኛው የተጫኑትን ይዘረዝራል። ሁለተኛው ላይ ከፍ ያለ ቁጥር እያለ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነስታችሁም የመጀመሪያው ካልተቀየረ፣ ነገሩ ይህ ነው። አፕዴት ስታደርጉ ደግሞ ይህን ዓይነት ቅሬታ ልታዩ ትችላላችሁ፦

```
grub-probe: error: failed to get canonical path of `/cow'.
```

ይህን የምታዩት ማስነሻውን ለማደስ ሲሞክር ነው፤ የሚያድሰውን ዲስክ ፈልጎ `/cow` ላይ ወድቋል። ፍላሹ አልተበላሸም። ላይቭ ሲስተም ስለሆነ ብቻ ነው።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው። የባንክ አካውንት የምትከፍቱበት፣ ዓመት ሙሉ የምትሠሩበት ሲስተም ከሆነ ፐርሲስተንት ፍላሽ አይሆንም። ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ላይ ሙሉ ኢንስቶል አድርጉ።

ላይቩን ግን አትጣሉት። ጥገና የምትሠሩ ልጆች ከኪሳችሁ መለየት የለበትም። የቆየውንም አዲሱንም ማሽን ያስነሳል። አበላሻችሁት? `persistent` የምትለዋን ቃል አጥፍታችሁ ንጹሁን ታስነሳላችሁ። ፓርቲሽኑን ፎርማት ብታደርጉት ደግሞ እንደ አዲስ ነው። ዋይፋይ ፓስወርድ፣ ሁለት ሦስት የጥገና ፕሮግራም፣ የአንድ ሳምንት ሥራ፤ ለዚህ ለዚህ አንደኛ ነው። አፕዴቱን ሲስተሙ ላይ ከማድረግ አዲስ እትም ሲወጣ ፍላሹን እንደገና መሥራት ይሻላል።

አሁን ወደ ሙሉ ኢንስቶሉ። ብዙ ሰው የሚወድቅበት አንድ ቦታ አለ።

ላፕቶፑ ውስጥ ዊንዶውስ አለ። በዩኤስቢ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ሰካችሁ። ከላይቭ ፍላሽ ሚንትን አስነሳችሁና ኢንስቶል ጀመራችሁ። ማስነሻው የት ይቀመጥ ሲላችሁ ኤክስተርናሉን መረጣችሁ። ጨረሳችሁ፣ አስነሳችሁ፣ ሠራ። ደስ አላችሁ። በነጋታው ኤስኤስዲውን ቢሮ ወሰዳችሁት፤ አይነሳም። ያን ጊዜ ደግሞ ከቤት ስልክ ይደወላል፤ ወንድም "ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ መግባት ትቶ ጥቁር ሆኗል፣ `grub>` ይላል" ይላችኋል።

የሆነው እንዲህ ነው። በዘመኑ ኮምፒውተሮች ማስነሻው የሚቀመጠው ኢኤስፒ በሚባል ትንሽ ፓርቲሽን ላይ ነው። የሚንት ኢንስቶለር ኡቢኩዊቲ ይባላል። ለዓመታት የሚታወቅበት ችግር አለ፦ እናንተ የትኛውንም ዲስክ ብትመርጡ መጀመሪያ ያገኘውን ኢኤስፒ ይጠቀማል። ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የላፕቶፑ የራሱ ነው። ሲስተሙ ኤክስተርናሉ ላይ፣ ቁልፉ ላፕቶፑ ውስጥ ቀረ። ሁለቱ ሲለያዩ ሁለቱም ይቸገራሉ።

መፍትሔው ከመጀመራችሁ በፊት የውስጡን ዲስክ ከኢንስቶለሩ ዓይን መሰወር ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ የዲስኩን ገመድ ንቀሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ባዮስ ውስጥ የውስጡን ዲስክ የሚያጠፋ ምርጫ ካለ ተጠቀሙበት። ይህ ሲሆን ኢንስቶለሩ የሚያየው አንድ ዲስክ ብቻ ስለሆነ "ዲስኩን አጥፍተህ ጫን" የሚለውን ያለ ፍርሃት መምረጥ ትችላላችሁ። እግረ መንገዳችሁን ኢንክሪፕሽኑንም እዚያው ምረጡ፤ ለምን እንደሆነ ጥያቄዎቹ ላይ እመጣበታለሁ።

ሁለቱም ካልተቻለ ላይቩ ላይ ጂፓርትድን ክፈቱ። የውስጡን ዲስክ ኢኤስፒ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ `Manage Flags` ውስጥ `boot` እና `esp` የሚሉትን ምልክቶች አንሱ። ኢንስቶል ስትጨርሱ መልሷቸው። ሳትመልሱ ከተነሳችሁ ያ ኮምፒውተር ዊንዶውሱን ላያስነሳ ይችላል። በዚህ ምክንያት ይህን መንገድ በሰው ኮምፒውተር ላይ አልመክርም። በተለይ ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ የማስነሻ ነገር ሲነካካ የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ባለቤቱ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠው ካላወቀ ጣጣ ነው።

ኢንስቶሉ ካለቀ በኋላ የተጫነውን ሚንት ከኤክስተርናሉ አስነሱና ገና ከወንበራችሁ ሳትነሱ ይህን እዩ፦

```
findmnt -no SOURCE /boot/efi
sudo ls /boot/efi/EFI/BOOT
```

የመጀመሪያው `/dev/nvme0n1p1` ዓይነት ነገር ካለ ማስነሻው ላፕቶፑ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። `/dev/sda` ወይም `/dev/sdb` ሆኖ የኤክስተርናላችሁ ስም ከሆነ ጥሩ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልተለየላችሁ `lsblk -o NAME,SIZE,MODEL` በሉት፤ ከመጠኑና ከሞዴሉ ትለዩታላችሁ።

ሁለተኛው ውስጥ `BOOTX64.EFI` የሚል ፋይል መኖር አለበት። ኮምፒውተሩ ያስነሳውን ሲስተም ስም የሚመዘግበው በራሱ ሜሞሪ እንጂ በዲስካችሁ ላይ አይደለም። ስለዚህ አዲስ ኮምፒውተር ጋ ስትሄዱ ያ ማሽን ስለ ሚንት የሚያውቀው ነገር የለም። የማያውቀው ዲስክ ሲሰካበት የሚፈልገው በዚያ ቦታ፣ በዚያ ስም ያለውን ፋይል ነው። ከሌለ፣ ዲስኩ ሲስተሙ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይነሳና ሌላ ቦታ ይደነቁራል። እንዲህ ይሞላል፦

```
sudo grub-install --target=x86_64-efi \
  --efi-directory=/boot/efi --removable
```

ይህን ከማዘዛችሁ በፊት `/boot/efi` የኤክስተርናሉ መሆኑን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ያንኑ ስህተት ነው የምትደግሙት።

የሚቀረው የዲስኩ ነገር ነው። "ሙሉ ኢንስቶሉን ፍላሽ ላይ ባደርገውስ?" ትላላችሁ። ይሆናል፣ ግን ታለቅሳላችሁ። ሥራ ላይ ያለ ሲስተም ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ነገር ይጽፋል፤ የብሮውዘር ካሽ፣ ሎግ፣ የአፕዴት መዝገብ። ርካሽ ፍላሽ ትልቅ ፊልም ሲገለበጥበት ፈጣን ሊመስል ይችላል። ትንንሽ ጽሑፍ እዚህም እዚያም ሲበተንበት ግን ይንቀራፈፋል። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ መስኮቱ ግን ይደርቃል። ያን ጊዜ ተርሚናል ላይ `top` በሉና `wa` የሚለውን ቁጥር እዩ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሳይበዛበት እሱ ከፍ ካለ፣ ኮምፒውተሩ ፍላሹን እየጠበቀ ነው። ላይቭ ሲስተም በዚያው ፍላሽ ላይ ሻል ሲል የምታዩት ሲስተሙ ተጨምቆ ስለተቀመጠ ነው፤ ከፍላሹ የሚነበበው ትንሽ ነው። ስለዚህ ለሙሉ ኢንስቶል ኤስኤስዲ ከነቤቱ ግዙ፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የነበረ ቢሆንም ይሆናል።

ፍላሽም ሆነ ኤስኤስዲ ስትገዙ ደግሞ መጠኑን አትመኑ። ባልተለመደ ርካሽ ዋጋ "2 ቴራ" ተብሎ የሚሸጥ ፍላሽ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ይሠራል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚጻፈው ሁሉ ይጠፋል። `f3` የሚባል ፕሮግራም አለ። `f3write` ፍላሹን ይሞላዋል፣ `f3read` መልሶ አንብቦ እውነተኛውን መጠን ይነግራችኋል። ጊዜ ይወስዳል፤ ሲስተም ከመጫናችሁ በፊት አድርጉት።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ላስገባ።

አንዲት ልጅ "ቢጠፋብኝስ?" አለችኝ። እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። `upper/home/mint` ያልኳችሁን አስታውሱ። የሚንት ላይቭ ተጠቃሚ ፓስወርድ የለውም፤ ሲነሳ በቀጥታ ይገባል። ፓርቲሽኑም አልተቆለፈም። ታክሲ ላይ የወደቀውን ፍላሽ ያገኘ ሰው ማንኛውም ሊኑክስ ላይ ሰክቶ ፎልደሩን መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ብሮውዘሩ የያዘው ፓስወርድም አብሮ ይሄዳል። ሙሉ ኢንስቶል ላይ ኢንክሪፕሽን ከመረጣችሁ ግን ፓስወርዱን የማያውቅ ሰው የሚያገኘው ዲስኩን ብቻ ነው። እናንተም ከረሳችሁት እንደዚያው ነው። ፍላሽ ካልሆነ የማይሆንላችሁና ምስጢር የምትይዙ ከሆነ ቴይልስ የሚባለውን እዩ። እሱም ላይቭ ነው፤ ማስቀመጫው ግን ከመጀመሪያውም የሚፈጠረው ተቆልፎ ነው።

ሌላው ጠያቂ ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። "ደንበኛ በኤክስተርናል ሊኑክስ ተጠቅሞ ከሄደ በኋላ የዊንዶውሱ ሰዓት ይዛባብኛል" አለ። ትክክል ነው። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነባል። ሊኑክስ ደግሞ የግሪኒች ሰዓት አድርጎ ነው የሚይዘው። እኛ ከግሪኒች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ሊኑክሱ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን ያስተካክልና የግሪኒቹን ማዘርቦርዱ ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ ዊንዶውስ ሲነሳ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይላል፤ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት ነው ይላችኋል። ሰዓት ሲዛባ አንዳንድ ድረ ገጾችም አልከፈት ይላሉ፤ ለኢንተርኔት ቤት ደግሞ የሂሳብ ጣጣ አለው።

በየቦታው ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ኤክስተርናሉ ላይ ያለው ሊኑክስ ላይ ይህን አንዴ እዘዙ፦

```
timedatectl set-local-rtc 1
```

ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል፤ የሚያስፈራ አይደለም። የምትሰኩበት ኮምፒውተር የራሱ ሊኑክስ ያለው ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን የግሪኒች ሰዓት እንደ አገሩ ሰዓት ስለሚያነበው ወደ ኋላ የሚቀረው የእናንተው ይሆናል። ያን ጊዜ `1` የነበረውን `0` አድርጋችሁ መልሱት።